ጡረታው ውርስ አይደለም

«ባለቤቴ ነሐሴ 2017 በኩላሊት ሕመም አረፈ። አዳማ ውስጥ የግል ድርጅት መካኒክ ነበር፣ ከ2004 ጀምሮ እዚያው ሠርቷል፣ የመጨረሻ ደመወዙ 18 ሺህ ብር ነው። ከእኔ ሁለት ልጆች አሉት፣ 11 እና 6 ዓመታቸው ነው። ከእኔ በፊት የወለደው የ15 ዓመት ልጅም ሞጆ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እናቱን ደግሞ በየወሩ ይረዳ ነበር። አሁን ወንድሙ ‹መጀመሪያ ወራሽነት ይወሰን፣ ጡረታውም ለወራሾች ይከፋፈላል፣ አንቺ ወራሽ አይደለሽም፣ ውክልና ስጪኝና እኔ እጨርሰዋለሁ› ይላል። ጋብቻችን በሽማግሌ ነው፣ የቀበሌ ወረቀት የለንም። ከየት ልጀምር?»
— ከፍራንኮ፣ አዳማ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ውክልናውን አትስጪ። ይህን አስቀድሜ የምልሽ ወንድሙ ሌባ ነው ብዬ አይደለም፣ አላውቀውም። ግን ከተናገረው ውስጥ ግማሹ እውነት ግማሹ ስህተት ነው፣ እና ሁለቱ ተቀላቅለው ነው የመጡብሽ። እውነቱ ምንድን ነው? አንቺ በሕግ የባልሽ ወራሽ አይደለሽም። ስህተቱ ደግሞ ጡረታን ውርስ ማለቱ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል፣ እኔም ተደናግሬ ሰው አስቸግሬያለሁ። አንድ ድርጅት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ስሠራ፣ ባሏ የሞተባት ሴት የጡረታ ወረቀት ፈልጋ መጣች፣ እኔም በሙሉ ልብ «መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ አምጪ» ብዬ መለስኳት። ፍርድ ቤት ተመላለሰች፣ ምስክር ቆጠረች፣ አምስት ወር ሙሉ። አምጥታ ስትሰጠኝ የጡረታ ፋይሉን የሚያየው ሰው «ይሄ ለምን ተፈለገ?» አለኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን እስካሁን አልረሳውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውርስ ሕጉ ሟች የተወውን ንብረት ለማን ይሰጣል ብሎ ይጠይቃል። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ቀዳሚ ናቸው፣ እኩል ይካፈላሉ፣ ከትዳር ውጭ የተወለደም ሆነ ከቀድሞ የተወለደ ልዩነት የለም። ልጅ ካለ የሟች እናትም፣ ወንድምም ቤተ ዘመድ ሁሉ ከውርስ ይወጣል። ሚስትም አትወርስም። (ይህን ስትሰሚ እንዳትደነግጪ፣ አንቺ በትዳር ዘመን ከተፈራው ሀብት ግማሹን የምትወስጂው በውርስ ሳይሆን የራስሽ ስለሆነ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።)

የጡረታ ሕጉ ግን ንብረት አያከፋፍልም። የሚጠይቀው ሟቹ ያስተዳድራቸው የነበሩ እነማን ናቸው ብሎ ነው። እነዚህን ሰዎች ሕጉ «ተተኪ» ይላቸዋል፣ ወራሽ አይላቸውም። ሚስት፣ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች፣ እና ሟቹ ያስተዳድራቸው የነበሩ ወላጆች ናቸው። ስለዚህ አየሽ፣ ስዕሉ ተገላብጦ ይመጣል፦ በውርስ ውስጥ ቦታ የሌለሽ አንቺ በጡረታው ትልቁን ድርሻ ትወስጃለሽ፣ ልጆች ስላሉ ከውርስ የወጣችው አማትሽም በጡረታው ውስጥ መብት ሊኖራት ይችላል። ወንድሙ ግን በሁለቱም የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ በሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛና ለዘመድ የሚመጣ ጡረታ የውርስ ሀብት አይደለም ብሎ ለይቶታል። ወንድሙ ቢከራከርሽ ይህን ንገሪው፣ ጠበቃም ቢያማክር ሌላ መልስ አያገኝም።

እሺ፣ ባልሽ የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለነበር የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው፣ መሥሪያ ቤቱም የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚሄዱበት ሌላ ነው፣ ስሙ ስለሚመሳሰል ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አንቺ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብበሽ ግቢ።

ወርሃዊ ጡረታ ለመኖሩ ዋናው ነገር 10 ዓመት ነው። ባልሽ ከ2004 ጀምሮ ስለሠራ አልፎታል። 10 ዓመት ሳይሞላው በሕመም ቢሞት ኖሮ ወርሃዊ ክፍያ አይኖርም ነበር፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ብቻ ነበር የምታገኙት። በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ የሚሞት ሰው ግን ሌላ ነው፣ እዚያ የ10 ዓመቱ ጥያቄ አይነሳም፤ የአንቺ ጉዳይ እሱ ስላልሆነ አልገባበትም።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራው፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ያላወቀ ሰው የተሰጠውን ተቀብሎ ይወጣል። መነሻው ባልሽ ጡረታ ቢወጣ ያገኝ የነበረው ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ልክ 13 ዓመት ብለን እንያዘው፦ 30 ሲደመር ሦስት ጊዜ 1.25፣ 33.75 በመቶ። ይህ የሚባዛው በመጨረሻው ደመወዝ አይደለም፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። በቅርቡ ጭማሪ አግኝቶ 18 ሺህ ደርሶ ከሆነ የ36 ወሩ አማካይ ዝቅ ይላል። 16 ሺህ እንበል። 33.75 በመቶው 5,400 ብር ይሆናል።

ከዚህ 5,400 ላይ ለሚስት 50 በመቶ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ። በሟቹ ይረዳ ለነበረ ወላጅ 15 በመቶ። (እናትም አባትም የሞቱበት ልጅ 30 በመቶ ያገኛል፣ የእናንተ ልጆች ግን እናቶቻቸው በሕይወት ስላሉ 20 ነው።) አንቺ 50፣ ሦስቱ ልጆች 60፣ አማትሽ 15፣ ድምሩ 125 በመቶ። ከ100 በላይ መክፈል ስለማይቻል የሁሉም ድርሻ በተመሳሳይ መጠን ይቀነሳል። 50 ለ125 ሲካፈል 40 በመቶ፣ 20ው 16 ይሆናል፣ 15ቱ 12። በብር ሲመጣ አንቺ 2,160፣ እያንዳንዱ ልጅ 864፣ አማትሽ 648። ደምሪው፣ 5,400 ይመጣል። አንቺና ሁለቱ ልጆችሽ በቤታችሁ የሚገባው 3,888 ብር ነው ማለት ነው።

ብዙ አይደለም፣ አውቃለሁ። ለቤት ኪራይም አይበቃም ብትይ አልከራከርሽም። ግን እንደዚህ ተከፋፍሎ ለዘላለም አይቀመጥም። የሞጆው ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ 18 ሲሞላው ከስሌቱ ይወጣል፣ ድምሩ 105 በመቶ ይሆናል፣ ድርሻሽ ወደ 2,571 ከፍ ይላል፣ የሁለቱ ልጆችሽም እያንዳንዳቸው ወደ 1,028 ይደርሳሉ። ታላቁ ልጅሽ 18 ሲሞላው ደግሞ ድምሩ 85 ይሆናል፣ መቀነስ የሚያስፈልግበት ምክንያት ያበቃል፣ አንቺ ሙሉ 50 በመቶሽን፣ 2,700 ብር ታገኛለሽ፣ ታናሹም ሙሉ 1,080ውን። ይህን የምነግርሽ አንድ ልጅ 18 ሲሞላው የእሱ ቆሞ የሌላው ሳይስተካከል የሚቀርበት ጊዜ ስላለ ነው። ያን ወር አስታውሰሽ ሄደሽ ጠይቂ። ልደቱን ቀድመሽ ታውቂዋለሽ፣ ኬክ ከመግዛትሽ በፊት ቅርንጫፉን እለፊበት።

አሁን ደግሞ ላትወጂው የምትችዪው አንድ ነገር። የሞጆውን ልጅ አትደብቂው። ሰው በጆሮሽ «ስሙን ካልጻፍሽ ማን ያውቃል» ሊልሽ ይችላል። ያውቃሉ። የልጁ እናት ነገ የልደት ምስክር ወረቀት ይዛ ትመጣለች፣ ስሌቱ እንደገና ይሠራል፣ አንቺ በትርፍ የወሰድሽው ከወርሃዊው እየተቀነሰ ይመለሳል፣ ፋይሉም እስኪጣራ ክፍያው ሊቆም ይችላል። ልጁ ባይኖር የቤትሽ ገቢ ምን ያህል ይጨምር ነበር? ድምሩ 105 ይሆናል፣ ለአንቺና ለሁለቱ ልጆችሽ 4,628 ብር። ልዩነቱ 740 ብር ነው። በ740 ብር የባልሽን ልጅ ከፋይል አታውጪው። ደግሞም ልጁ በእናቱ በኩል የራሱን ማመልከቻ ያቀርባል፣ የእሱ ብር በአንቺ እጅ አያልፍም። ለእናቱ ደውለሽ ቀኑን ብትነግሪያት ፋይሉ አንድ ላይ ይጠናቀቃል፣ ለሁለታችሁም ይፈጥናል።

አማትሽን በተመለከተ፣ መብቷ እናት ስለሆነች ብቻ አይመጣም። ኑሮዋ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በልጇ ላይ የተመሠረተ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። የራሷ ጡረታ ወይም የኪራይ ገቢ ካላት ሌላ ነው። በየወሩ በስልክ የላከላት ብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ማስረጃ፣ እንዲህ ያለ ነገር ትይዛለች። ወንድሙ መሥራት ከፈለገ ይሄንን ይሥራ። የእናቱን ማስረጃ ያሰባስብ፣ ያ የእሱ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። ሦስት ወረቀቶች ከቀበሌ ይመጣሉ፦ የሞት፣ የጋብቻ እና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት። የሞቱን አስመዝግበሻል? ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ከዚያ ካለፈም ዘግይቶ ይመዘገባል፣ ግን ሳይመዘገብ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። ሐኪም ቤት ከሞተ የሐኪም ቤቱን የሞት ማስታወቂያ ይዘሽ ሂጂ። ቤት ከሞተ የእድር እና የጎረቤት ማረጋገጫ ያስፈልግሻል። ስትቀበዪው አንድ ነገር ቆመሽ አንብቢ፦ ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ ድርጅቱ ካስመዘገበው ጋር ፊደል ለፊደል መግጠም አለበት። በመታወቂያው «ገብረ ሥላሴ» ተብሎ በጡረታ ፋይሉ «ገ/ስላሴ» የተጻፈ ሰው ሞቶ ቤተሰቡ «ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው» የሚል ማስረጃ ፍለጋ ስንት ወር ሲንከራተት አይቻለሁ። መስኮቱ ላይ እያለሽ ማስተካከል አሥር ደቂቃ ነው።

ጋብቻው ነው ትልቁ ሥራ። በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ጋብቻ ነው። ችግሩ ወረቀቱ እንጂ ጋብቻው አይደለም። ባልሽ በሕይወት ቢኖር ሁለታችሁ ቀበሌ ሄዳችሁ ታስመዘግቡት ነበር። አሁን አንዱ ስለሌለ የሚቀርሽ መንገድ ፍርድ ቤት ነው። «ከዚህ ዓመት ጀምሮ በጋብቻ ውስጥ ነበርን፣ ጋብቻ መኖሩ ይረጋገጥልኝ» ብለሽ ታመለክቻለሽ። ይህ ከወራሽነት ማመልከቻ የተለየ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለው ጸሐፊ «ወራሽነት ነው?» ብሎ የለመደውን ፎርም ሊያወጣልሽ ይችላልና «አይደለም፣ ጋብቻ መኖሩ እንዲረጋገጥ ነው» በይው።

ምስክሮችሽ ሽማግሌ ሆነው የተላኩት ሰዎች ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ከሁለቱም ወገን። እነሱ ከሞቱ ወይም ከሌሉ ጎረቤት፣ የእድር ጸሐፊ፣ እንደ ባልና ሚስት ስትኖሩ ያየ ሰው። የሰርግ ፎቶ፣ የእድር ደብተር ላይ ባልና ሚስት ተብላችሁ የተጻፋችሁበት ገጽ፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ ሐኪም ቤት ሲተኛ «የቅርብ ዘመድ» ብለሽ የፈረምሽበት ቅጽ ካለ ውሰጂ። እና ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጊ፦ ድርጅቱ ውስጥ ባለው ፋይሉ ባልሽ «ያገባ» ብሎ የአንቺን ስም ጽፎ እንደሆነ ጠይቂ። ሰው ሲቀጠር የግል መረጃ ቅጽ ይሞላል፣ የሚስት ስም፣ የልጆች ስም። በራሱ እጅ ስምሽን ጽፎ ካለ ያን ገጽ የተረጋገጠ ኮፒ አስደርጊ። ከአሥር ምስክር የሚሻልበት ቀን አለ። ጋብቻው የሚጀምርበትን ቀን ደግሞ ሁሉም ምስክር አንድ ዓይነት ይናገር፣ አንዱ «ፋሲካ ሰሞን» ሌላው «መስከረም» ካለ ዳኛው ቀጠሮ ይሰጥሻል።

እስከዚያ የልጆቹን ፋይል አታዘግዪ። የልጅነት መብታቸው በእናትና አባት ጋብቻ ላይ አይንጠለጠልም። የአባታቸው ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት ካላቸው አንቺ በሕይወት ያለሽ ወላጅ ስለሆንሽ ሞግዚታቸው ነሽ፣ ስለነሱ ታመለክቻለሽ። የእነሱን አስጀምሪ፣ የአንቺ ውሳኔ ሲወጣ ትጨምሪበታለሽ። ጡረታው ከሞተበት ወር ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ስለሚታሰብ ፋይሉ ቢዘገይም ውዝፉ ይከፈላል። ግን ውዝፍ መጠየቂያው የጊዜ ገደብ አለው፣ «ሐዘኑ ይብረድልኝ» እያሉ ዓመታት መቆየት ገንዘብ ያስቀራል።

ከድርጅቱ የምትፈልጊው ደግሞ የአገልግሎት ማስረጃ እና የመጨረሻዎቹ 36 ወራት የደመወዝ ዝርዝር ነው። ይህን ስትቀበዪ ወረቀቱን አጥፈሽ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቺ። እዚያው ሆነሽ «ጡረታ» የሚለውን ዓምድ ፈልጊ። ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዙ 18 ሺህ ከነበረ ከእሱ የተቆረጠው 1,260 ብር መሆን አለበት፣ ከድርጅቱ 1,980። ስልክሽ ላይ ካልኩሌተር አለ፣ ምቺው። 1,260 ካገኘሽ ጥሩ። 630 ካገኘሽ ግን ድርጅቱ ለጡረታው ያስመዘገበው 9 ሺህ ብር ነው ማለት ነው፣ ቀሪውን በአበል ስም ይከፍለው ነበር። ይህ በጣም የተለመደ ነው። ሠራተኛው በሕይወት እያለ አይከፋውም፣ እጁ ላይ የሚደርሰው ይጨምራላ። የሚከፋው እንዳንቺ ያለ ሰው ነው፣ ምክንያቱም 5,400 የነበረው 2,700 ይሆናል።

እዚህ ላይ ሐቁን ልንገርሽ። የጡረታ ስሌት በመደበኛ ደመወዝ ላይ ብቻ ነው፣ እውነተኛ የትራንስፖርት አበል ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይቆጠርም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትለዪው የተቀነሰው በእውነት አበል ነው ወይስ ደመወዝ በአበል ስም ነው የሚለውን ነው። የቅጥር ውሉን ጠይቂ። ውሉ ላይ «የወር ደመወዝ 18,000» ብሎ ጡረታው በ9,000 ከተቆረጠ በጽሑፍ ለድርጅቱ አመልክቺ፣ ኮፒውን ለማኅበራዊ ዋስትናው ቅርንጫፍ ስጪ። አሠሪው ያላስገባውን መዋጮ የማስገባት ግዴታ አለበት። ውሉ ራሱ 9,000 ደመወዝ 9,000 አበል የሚል ከሆነ ግን መከራከሪያሽ ደካማ ነው፣ ጊዜሽን እዚያ ላይ አትጨርሺ።

ድርጅቱ ለአንቺ ዕዳ ያለበት ሌላ ነገርም አለ። የሠራበት ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ፣ እና ሠራተኛ ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነቱ ውስጥ የተጻፈ የሞት ድጋፍ። አንዳንዱ ድርጅት ለሠራተኞቹ የሕይወት ኢንሹራንስ ይገዛል፣ ሠራተኛውም ሳያውቀው። ጠይቂ፣ ያልጠየቁትን የሚነግር ቢሮ አልገጠመኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሥራ ውል ሲቋረጥ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ይፈጸም ይላል፣ ሞትም ውል ያቋርጣል።

እዚህ ጋ ግን ወራሽነት ወደ ጨዋታው ይመለሳል። የተረፈው ደመወዝና የባንክ ብር ሀብት ነው፣ ጡረታ አይደለም። ባንኩም ሆነ ድርጅቱ የወራሽነት ማስረጃ ቢጠይቁሽ ትክክል ናቸው። ግን ከመከፋፈሉ በፊት የአንቺ ግማሽ ይወጣል። በትዳር ውስጥ እያላችሁ የተገኘ ደመወዝና ቁጠባ የጋራ ነው። አካውንቱ ውስጥ 80 ሺህ ብር ካለ 40 ሺው የአንቺ ነው፣ የሚወረሰው ቀሪው 40 ሺህ ብቻ ሆኖ በሦስቱ ልጆች እኩል ይካፈላል። የአንቺን ግማሽ ለማስከበርም ያው የጋብቻ ውሳኔ ያስፈልግሻል፣ ስለዚህ አንዱ የፍርድ ቤት ወረቀት ሁለት ቦታ ይሠራልሻል። ዋናውን አትስጪ፣ የተረጋገጠ ግልባጭ አምስት ስድስት ያህል በአንዴ አስወጪ።

እስኪያልቅ የሚያቆያችሁ ነገር ካስፈለገ እድሩ የሰጠውንና የሠራተኞች የቁጠባ ማኅበር ካለ እዚያ ያለውን ብሩን ተመልከቺ። ባልሽ የቁጠባ ማኅበሩ ውስጥ ሲመዘገብ ወራሽ አድርጎ የጻፈው ስም ሊኖር ይችላል፣ ያ ቶሎ ይወጣል።

ቅርንጫፉ የወሰነውን ብር ስትሰሚ ከእኔ ሂሳብ ጋር ካልገጠመ ስሌቱን በወረቀት ጠይቂ። አገልግሎቱን ስንት ዓመት ብለው ቆጠሩት? አማካዩን ስንት አሉት? ሁለቱ ላይ ነው ስህተት የሚፈጠረው። ብዙውን ጊዜ ድርጅቱ ዘግይቶ ያስመዘገበው ዓመት ይጎድላል፣ የባልሽ 2004 በፋይሉ 2006 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያኔ የ2004 እና የ2005 የደመወዝ መክፈያ ላይ የጡረታ መዋጮው መቆረጡን ማሳየት ነው። በውሳኔው ካልተስማማሽ በጽሑፍ የተሰጠሽን ይዘሽ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ትችያለሽ፣ እዚህም ቀን ስለሚቆጠር ውሳኔው የደረሰሽን ቀን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፊው።

ወንድሙ እንደገና ውክልና ስጪኝ ካለሽ እንዲህ በይው፦ ጡረታ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ብሩ የሚገባው በእኔና በልጆቹ አካውንት ነው፣ አንተ የእናትህን ማስረጃ አምጣ፣ ቀኑ ሲደርስ አብረን እንሄዳለን። እምቢ ካለ የሚቀርብሽ ነገር የለም። ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሂጂ፣ ከዚያ ድርጅቱ። ድርጅቱ ጋ ስትደርሺ የ36 ወሩን ዝርዝርና ስምሽ ያለበትን የቅጥር ቅጽ በአንድ ማመልከቻ ጠይቂ፣ ማመልከቻሽ ኮፒ ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ማኅተም ያድርግበት። የጡረታ ዓምዱ ላይ ስንት እንዳገኘሽ ጻፊልኝ፣ 1,260 ካልሆነ በሚቀጥለው እሱን እናየዋለን።